አራት ፊቶች፣ ሠላሳ ስድስት ልጆች

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ክፍሌ ውስጥ በቀን ሁለት ሦስቴ መነካከስ ነበር። የማስተምረው ኬጂ 1 ነው። 36 ልጆች አሉኝ፤ ብዙዎቹ አራት ዓመታቸው ነው። አንዱ ሲነክስ ሮጬ እደርስና «ለምን ነከስከው?» እላለሁ። ዝም። «ምን አድርጎህ ነው?» አሁንም ዝም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይቆማል። እኔም ልበ ደንዳና ነው ብዬ ጥግ አስቀምጠዋለሁ። ጥያቄዬ ለአራት ዓመት ልጅ ከባድ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። «ለምን» ብሎ መመለስ የሚችለው መጀመሪያ «ተናድጃለሁ» ማለትን የቻለ ልጅ ነው።

ኢሞጂ ወደ ክፍል የማስገባት ሐሳብ የመጣልኝ ከእህቴ ልጅ ነው። ፊደል አልቆጠረችም። ግን የእናቷን ስልክ እየወሰደች በቴሌግራም ልብ፣ የሚስቅ ፊት፣ የሚያለቅስ ፊት ትልክልኛለች። አንድ ቀን እንደምመጣ ነግሬያት ቀረሁና አምስት የሚያለቅሱ ፊቶች ደረደረችልኝ። ማንም ያላስተማራት ልጅ ይህን ከቻለች የእኔ ልጆችም ይችላሉ አልኩ። ልክ ነበርኩ። መንገዱ ላይ ግን ብዙ ተሳሳትኩ። ይህን የምጽፈው እናንተ እነዚያን ወራት እንዳታባክኑ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ከስልኬ 16 ፊቶች መርጬ በቀለም ማሳተም ነበር። ላሚኔት አስደርጌ ግድግዳውን ሞላሁት። በጣም ያምር ነበር። በማግስቱ ልጆቹን ሰብስቤ «ይሄ ምን ሆኗል?» እያልኩ ስጠይቅ ነገሩ ተበላሸ። 😂 ይህን ሳሳያቸው ግማሾቹ «እያለቀሰ ነው» አሉ። እንባ አለ፤ ምን ይበሉ? 😪 ይህን ደግሞ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አልቅሶ ንፍጡ መጣ» አሉ። በኋላ ሳነብ ፊቱ ለካ እንቅልፍ የመጣበት ሰው ነው። ኢሞጂ ከጃፓን የመጣ ነገር ነው፤ በጃፓን የሥዕል ልማድ ከአፍንጫ የሚወጣ አረፋ የተኛን ሰው ያሳያል። ጃፓናዊ ልጅ ወዲያው ይገባው ይሆናል። የእኛ ልጅ የሚያየው ንፍጥ ነው። በዚያ ላይ አንዱ ኢሞጂ በአንዱ ስልክ እና በሌላው ላይ መልኩ ይለያያል። እናንተ ያሳተማችሁት ፊት ልጁ በእናቱ ስልክ ከሚያውቀው ጋር ላይገጥም ይችላል።

ስለዚህ ከማሳተማችሁ በፊት ፈትኑት። ሥዕሉን ለአምስት ስድስት ልጆች ለየብቻ አሳዩና «ይሄ ምን ሆኗል?» ብቻ በሉ። መልሱን አትጠቁሙ። ሁለቱ ከተለያዩ ያ ፊት ለክፍላችሁ አይሆንም።

ከ16ቱ የተረፉኝ ሦስት ነበሩ። ደስ ያለው፣ የከፋው እና የተናደደው። ፍርሃት አስቸገረኝ። 😨 ይህ ፊት ከግንባሩ ሰማያዊ ስለሆነ ልጆቹ «በርዶታል» አሉኝ። አልተሳሳቱም፤ ሰማያዊ ግንባር ለእነሱ ብርድ ነው። በመጨረሻ ራሴ ሣልኩት። ከካርቶን ሳህን የሚያህል ክብ ቆርጬ ቢጫ ቀባሁ። ዓይኑን ትልልቅ፣ ቅንድቡን ወደ ላይ የተሰበሰበ፣ አፉን ትንሽ የተከፈተ አደረግኩት። ከዚያ ሌሎቹንም በዚያው እጅ ደግሜ ሣልኳቸው፤ አራቱም አንድ ቤተሰብ እንዲመስሉ። የገረመውን ፊት ሆን ብዬ ተውኩት። በዚህ ዕድሜ የፈራ እና የገረመው ፊት ይምታቱባቸዋል። ሁለቱም ዓይናቸው የተከፈተ ነው።

አራት ብቻ? ብለው የጠየቁኝ መምህራን አሉ። አዎ፣ አራት ብቻ። ሕፃናት መጀመሪያ ላይ የሚለዩት ደህና መሆንን እና ደህና አለመሆንን ነው። ከዚያ ነው ደህና አለመሆኑ ወደ ከፋኝ፣ ወደ ተናደድኩ፣ ወደ ፈራሁ የሚከፈለው። 16 ፊት ሲሰቀልላቸው ይህን ሁሉ ደረጃ በአንድ ጊዜ ዝለሉ ማለት ነው። እነሱ ደግሞ አይዘሉም። ቀለሙ ያማረውን መርጠው ይሄዳሉ።

ፊቶቹን በሳምንት አንድ አንድ አስተዋወቅኳቸው። ለዚህ የጠቀመኝ አንድ መዳፍ የሚያህል መስታወት ነው። ልጁ ካርቶኑን ያያል፣ ፊቱን እንደዚያ ያደርጋል፣ ከዚያ መስታወት ውስጥ ራሱን ያያል። «ቅንድብህ የት ሄደ? አፍህስ?» እለዋለሁ። መስታወቱ ባይኖር ኖሮ ፊቱ የካርቶኑ ሆኖ ይቀር ነበር።

ቃሉ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። እኔ መጀመሪያ «ደስታ፣ ሐዘን፣ ንዴት፣ ፍርሃት» ብዬ አስጠናኋቸው። እንደ መዝሙር በቃላቸው አነበነቡልኝ። ግን አንዱም ልጅ ሲከፋው «ሐዘን» ብሎ አልመጣም። ለምን ይመጣል? በቤታችን «ሐዘን» የሚባለው ሰው ሲሞት ነው። አንዲት ልጅ እንዲያውም «ሐዘን ድንኳን አለው» አለችኝ። እኛ ስሜታችንን የምንናገረው በስም አይደለም። ከፋኝ፣ ደስ አለኝ፣ ጨነቀኝ ነው የምንለው። ስለዚህ ከረዳቴ ጋር ተቀምጠን አራት ሙሉ ንግግሮች መረጥን፤ ደስ ብሎኛል፣ ከፍቶኛል፣ ተናድጃለሁ፣ ፈርቻለሁ። ሁለታችንም ከእነዚህ ላለመውጣት ተስማማን። አንዷ «አዘንክ?» ሌላዋ «ከፋህ?» የምትል ከሆነ ልጁ ሁለት የተለያየ ነገር ይመስለዋል። ቤታቸው ኦሮምኛ የሚነገር ሁለት ልጆች ነበሩኝ። ለእነሱ እናቶቻቸውን ጠይቄ የቤታቸውን ቃል አብሬ ማለት ጀመርኩ። አንደኛው ልጅ የቤቱን ቃል ከእኔ አፍ ሲሰማ እንዴት እንደሳቀ አልረሳውም።

ከዚህ በኋላ ነው ትልቁን ስህተት የሠራሁት። በሩ አጠገብ ሰፊ ካርቶን ሰቀልኩ፤ አራቱን ፊቶች ለጠፍኩበት። ለእያንዳንዱ ልጅ የልብስ መቆንጠጫ ሰጠሁና ላዩ ላይ ምልክቱን ሣልኩ፤ ለአንዱ ዓሣ፣ ለአንዷ አበባ። ጠዋት ሲገቡ መቆንጠጫቸውን ዛሬ የሚሰማቸው ፊት ሥር ይሰካሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀና ብዬ ሳይ 36ቱም መቆንጠጫዎች ደስ ያለው ፊት ሥር ተደርድረዋል። ከእነሱ ውስጥ ጠዋት በር ላይ የእናቱን ቀሚስ አልለቅም ብሎ ያለቀሰ ልጅ ነበር። እንባው ገና ጉንጩ ላይ አልደረቀም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ልጅ ደስ ያለውን ፊት ሲመርጥ «ጎበዝ!» እል ነበር። የከፋውን ሲመርጥ ደግሞ «ውይ፣ ለምን? አይዞህ፣ ሳቅ በል» እላለሁ። በአራት ዓመት ያለ ልጅ ይህን ለመረዳት ሁለት ቀን አይፈጅበትም። ትክክለኛው መልስ ደስ ያለው ፊት ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ካርቶኑ በር ላይ ስለሆነ ወላጆች ሁሉ ያዩታል። አንዲት እናት ልጇን «ለምንድነው የከፋው ላይ ያደረግሽው? ምን አጎደልንብሽ?» ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ።

ሦስት ነገር ቀየርኩ። ካርቶኑን ከበሩ አንስቼ ምንጣፉ አጠገብ ባለው ዝቅ ያለ መደርደሪያ ጎን ሰቀልኩት፤ ከውጭ አይታይም። ምንም ፊት ቢመረጥ የምለው ነገር አንድ ሆነ፦ «እሺ፣ ነገርከኝ።» ሌላ የለም። ሦስተኛው ደግሞ የራሴን መቆንጠጫ ጨመርኩ። አንድ ሰኞ ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ ዘግይቼ፣ ዝናብ መትቶኝ ገባሁ። ልጆቹ እያዩ መቆንጠጫዬን የተናደደው ፊት ሥር ሰካሁና «ዛሬ ተናድጃለሁ። ዝናብ መታኝ። በእናንተ አይደለም የተናደድኩት» አልኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ ተነስቶ የራሱን መቆንጠጫ ከደስታው ላይ ነቅሎ ከእኔ አጠገብ ሰካ። ያ ልጅ ከሁሉም በላይ የሚናከሰው ነበር። እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ከደስታው ፊት ወጥቶ አያውቅም።

መስማማት ያቃተን ጉዳይም ነበር። ረዳቴ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ እኔም ልጆቹም እትዬ ነው የምንላቸው። ልጅ ወድደው የማይጠግቡ ሴት ናቸው። ግን ልጅ ሲያስቸግር «ሂድ፣ የተናደደው ፊት ጋ ቁም!» ማለት ጀመሩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያ ፊት የቅጣት ቦታ ሆነ። ልጆቹ እርስ በርስ «አንተ የተናደደው ነህ» እየተባባሉ መሰዳደብ ጀመሩ። ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። «እትዬ፣ የተናደደ ልጅ ጥፋተኛ አይደለም፤ መንከሱ ነው ጥፋቱ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲህ እኛ ስንናደድ በኩርኩም ነው ያደግነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን አልደገሙትም። ክፍላችሁ ውስጥ ከእናንተ ሌላ አዋቂ ካለ ፊቶቹን ከመስቀላችሁ በፊት ይህን ተነጋገሩ። ፊቶቹ ለሽልማትም ለቅጣትም አይውሉም። አንዴ ከዋሉ ልጆቹ እውነቱን አይነግሯችሁም።

አሁን ስለ አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። ይህ ሁሉ ልፋት ለምን እንደሆነ የገባኝ በእሷ ነው።

ጸጥ ያለች ልጅ ናት። ኅዳር ላይ «ሆዴን አመመኝ» ማለት ጀመረች። ሁለት ጊዜ እናቷን አስጠርተን ሐኪም ቤት ተወሰደች። ምንም አልተገኘም። እኔ ደግሞ ሰዓቱን መመዝገብ ጀመርኩ። ሁልጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ከእንቅልፍ ተነስተው ቦርሳቸውን ስናዘጋጅ። ጠዋት አያማትም። ምሳ ላይ አያማትም። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እናቷን ስጠይቅ «ኧረ ደህና ናት፣ ሲያማት አላየሁም» አለችኝ።

መጀመሪያ መቆንጠጫዋን የከፋው ፊት ሥር ስትሰካ አየሁና እናቷ ናፍቃት ነው ብዬ ደመደምኩ። «አይዞሽ፣ አሁን ትሄጃለሽ፣ እማዬ ጋ ትደርሻለሽ» አልኳት። ባሰባት። ጭራሽ አለቀሰች። ይህን ለሦስት ቀን ደጋገምኩት። ፊቱን አየሁ እንጂ እሷን አልጠየቅኩም። በራሴ ግምት ሞላሁት።

በአራተኛው ቀን ዝም ብዬ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። የከፋውን እና የፈራውን ፊት ሁለቱን ብቻ ከካርቶኑ አንስቼ ከፊቷ አስቀመጥኩ። «ሆድሽን ሲያምሽ የትኛውን ነሽ?» አልኳት። ብዙ ቆየች። ከዚያ የፈራውን አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገች። «እሺ፣ ነገርሽኝ» አልኳት። ሌላ ጥያቄ አላከልኩም። መናገሩ እንዲመጣ ቦታ ትቼ እዚያው ቁጭ አልኩ። መስታወቱን አንስታ ፊቷን አየች፤ አፏን እንደ ካርቶኑ ትንሽ ከፈተች። ከዚያ «ሰርቪስ» አለች።

ሰርቪስ መኪናው ውስጥ ከእሷ ኋላ የሚቀመጥ ከፍ ያለ ክፍል ልጅ ነበር። ፀጉሯን እየጎተተ «ለሰው ከተናገርሽ ከመኪና ትወርጃለሽ» ይላታል። ለእሷ ይህ እውነት ነው። እናቷ ጋር ትደርሻለሽ ስላት ለካ ሰርቪሱ ውስጥ ትገቢያለሽ እያልኳት ነበር። በማግስቱ ቦታዋ ከሰርቪሱ ረዳት ጎን ተደረገ፤ የልጁም ወላጆች ተጠሩ። የሆድ ሕመሙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠፋ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። በዚህ ዕድሜ ፍርሃት እና ጭንቀት ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሆድ ሕመም ነው። ይህ ማለት ግን ሆዴን አመመኝ ያለ ልጅ ሁሉ ፈርቷል ማለት አይደለም። ሐኪም መጀመሪያ ነው፤ ፊቶቹ ቀጥሎ። ሁለተኛው፣ ልጅ የመረጠው ፊት ማስረጃ አይደለም። በር መክፈቻ ነው። ፊቱን አይታችሁ «ማን መታሽ? እሱ ነው? እሱ ነው?» እያላችሁ ስም አትጥሩ። ልጅ እናንተን ለማስደሰት አዎ ይላል። የነገረችኝን በራሷ ቃል ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ ቀኑንና ሰዓቱን አኖርኩ፤ ለርዕሰ መምህሯ እና ለእናቷ በዚያው ቀን ነገርኩ። ከዚህ የከበደ ነገር ቢሆን ኖሮም ከዚህ በላይ መመርመር የእኔ ሥራ አይሆንም ነበር።

ጥር ላይ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። ልጆቹ አራቱ ፊቶች አነሷቸው። አንድ ልጅ መቆንጠጫውን ይዞ ካርቶኑ ፊት ቆሞ ቀረ። «የትኛውም አይደለሁም» አለኝ። «ታዲያ ምን ሆነህ ነው?» «አኩርፌያለሁ።»

ቤት ሄጄ ስልኬ ላይ ፈለግኩ። ኩርፊያ የሚሆን ኢሞጂ አጣሁ። የተናደደ አለ፣ የከፋው አለ፣ አፉን ያጣመመ አለ። እኛ የምናውቀው ኩርፊያ ግን ሌላ ነው። ያኮረፈ ልጅ ፊቱን ያዞራል፣ ምሳ አልበላም ይላል፤ ግን ደግሞ ና በሉኝ ብሎ ይጠብቃል። ለዚህ ከጃፓን የመጣ ሥዕል የለም። በማግስቱ ባዶ ቢጫ ክብ ቆርጬ ሰጠሁት። ዓይን አልሣለም። አፍም አልሣለም። ከክቡ ጀርባ ፀጉር ሣለና «ዞሯል» አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ማለቱ ነው። አምስተኛ ሆኖ ተሰቀለ። ከእኔ ሥዕሎች ሁሉ በላይ ልጆቹ የተጠቀሙት እሱን ነው። አንዱ እዚያ ላይ መቆንጠጫውን ሲሰካ ሌሎቹ ሄደው ይጠሩታል፤ ያኮረፈ ሰው እንደሚጠራ ያውቃሉ።

ስለዚህ አንድ ሁለት ባዶ ክብ ሁልጊዜ አዘጋጁ። ልጁ ራሱ የሣለው ፊት ከስልክ ከቀዳችሁት የበለጠ ይናገራል። ግን ቶሎ አታምጡት። የመጀመሪያዎቹ አራቱ በደንብ ከገቡ በኋላ ነው።

ነገሩ እየሠራ መሆኑን እንዴት አወቅኩ? መቆንጠጫዎቹ ተበታተኑ። በአንድ ጠዋት አምስቱም ፊቶች ሥር ሰው መኖሩ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሁሉም አንድ ቦታ ከተከማቹ ግን አንድ ነገር ተበላሽቷል። ሁለተኛው ምልክት፣ ልጆቹ ካርቶኑ ጋ ሳይሄዱ ቃሉን መናገር ጀመሩ። የሚናከሰው ልጅ መጋቢት ላይ ኳሱን የቀማውን ጓደኛውን አንገቱን ይዞ አፉን ከፈተና ቆመ። «ተናድጃለሁ!» ብሎ ጮኸበት። ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። ግን አልነከሰም። እኔም እትዬም በዓይን ተያየን። ከዚያ በኋላም አንዳንዴ ነክሷል፤ ቆመ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን በሳምንት አንዴ ሆነ።

መቆንጠጫውን ጭራሽ የማይነካ ልጅም አለ። አታስገድዱት። እኔ አንዱን እስከ የካቲት ጠብቄዋለሁ። መቆንጠጫውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይውላል፤ ይበቃዋል። በሌላ በኩል ፊት መለየት ጭርሱን የማይሆንለት፣ የሰው ዓይን የማያይ፣ ንግግሩ የዘገየ ልጅ ካለ ካርቶን ብቻውን አይፈታውም። ከወላጁ ጋር ተነጋግራችሁ ባለሙያ እንዲያየው አድርጉ።

ሚያዝያ ላይ ፊቶቹን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመርኩ። መጀመሪያ ደስ ያለውን አነሳሁ፤ ማንም አልፈለገውም። ከዚያ የተናደደውን። ያኮረፈውን ላንሳ ስል ግን ተቃውሞ ተነሳብኝና ተውኩት።

ሰኔ ላይ ያቺ የሰርቪሷ ልጅ ጠዋት ገብታ መቆንጠጫዋን ከሳጥኑ አነሳች። ካርቶኑን አየችው። መልሳ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችና ወደ እኔ መጣች።

«ሚስ፣ የእኔ እዚህ የለም።»

«ምንድነው የአንቺ?»

«አያቴ ገጠር ሄደች። ናፈቀችኝ።»

«እሺ፣ ነገርሽኝ» አልኳት። እጄን ይዛ ምንጣፉ ድረስ ሄድን።